«ድብልቅ ስለሆነ በ14 ካራት ነው የምይዘው» አለኝ

ሰላም እንደምን ኖት። እናታችን ካረፈች ዘጠኝ ወር ሆናት። ሦስት ነን፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔና ታናሽ እህቴ። የተወችልን ወርቅ አንድ የአንገት ሀብል፣ ሁለት አምባር፣ ቀይ ፈርጥ ያላት ቀለበትና አንድ ጥንድ ጉትቻ ነው። ወንድሜ ቶሎ ሸጠን እንካፈል ይላል፣ እህቴ ዝም ብላለች፣ እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር አምባሮቹን ከእጇ አውጥታቸው ስለማታውቅ ሳያቸው ሆዴ ይባባል። ባለፈው ሳምንት ሁሉንም ይዤ አንድ ወርቅ ገዢ ጋር ሄድኩ። አንድ ላይ ሚዛን ላይ ጣለውና 56 ግራም አለ፣ ለፈርጡ ብሎ 4 ግራም ቀነሰ፣ ከዛ «ድብልቅ ስለሆነ በ14 ካራት ነው የምይዘው» አለኝ፣ በመጨረሻ ከዕለቱ ዋጋ 20 ከመቶ ቀንሶ አንድ ቁጥር ጻፈልኝ። ዋጋው ለዛሬ ብቻ ነው ሲለኝ ደንግጬ ወጣሁ። ፈርጧ እኮ የትንሿ ጣቴን ጥፍር ብታክል ነው። ሀብሉ ላይ 750፣ አምባሮቹ ላይ 916፣ ቀለበቷ ላይ 585 የሚል አይቻለሁ፣ ጉትቻው ላይ ምንም የለም። ቤት ባለችው ትንሽ ሚዛን ስመዝናቸው ሀብሉ 22፣ አምባሮቹ ሁለቱ ተደምረው 24፣ ቀለበቷ 6.4፣ ጉትቻው 3.6 ግራም ነው። ወንድሜ «20 ከመቶ ምን አለው፣ ነጋዴ እኮ ነው፣ ያትርፍ እንጂ» ይላል። ሊያታልለኝ ነበር ወይስ ነገሩ እንዲሁ ነው?

የኔ እህት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ሁላችሁንም ያጽናችሁ። ደንግጠሽ መውጣትሽ ደግ ነገር ነው፣ ሸጠሽ ብትወጪ ኖሮ የምንነጋገረው ሌላ ነበር። ከወንድምሽ አባባል ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ልክ ነው። ነጋዴ ማትረፍ አለበት፣ ወርቁን አቅልጦና አጣርቶ እስኪሸጠው ድረስ ወጪም አለበት ዋጋው የመውረድ ስጋትም አለበት፣ ስለዚህ 20 ከመቶ መቀነሱ ብዙ ነው ትንሽ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል እንጂ ማታለል አይባልም። ሚዛኑም ቢሆን ልክ ነው፣ ቤት ያገኘሻቸውን አራት ቁጥሮች ስትደምሪያቸው ያው 56 ይመጣል። እኔን ያሳሰበኝ 20 ከመቶው ሳይደርስ በፊት መሀል ላይ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ወንድምሽ ልብ ያላላቸው።

ወርቅ ገዢ የሚከፍለው ለጌጡ አይደለም፣ ጌጡ ውስጥ ላለው ንጹህ ወርቅ ነው። ያየሻቸው ቁጥሮች የሚሉትም ይሄንኑ ነው፣ ከ1000 ግራም ውስጥ ስንቱ ንጹህ ወርቅ እንደሆነ። 750 ማለት ከሺህ 750ው ወርቅ ሌላው መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ቅይጥ ነው፣ በካራት 18 የሚባለው ነው (ካራት ከ24 ነው የሚቆጠረው፣ 18ን ለ24 ብታካፍይ 0.75 ነው)። 916 ማለት 22 ካራት ነው፣ 585 ደግሞ 14 ካራት። ቅይጡ ውስጥ ላለው መዳብ ማንም አይከፍልሽም፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው መዝነሽ በራሱ ቁጥር ታባዢዋለሽ፣ በቃ ይሄ ነው ሂሳቡ።

ያንቺን እንስራው። ሀብሉ 22 ግራም ነው፣ በ0.75 ሲባዛ 16.5 ግራም ንጹህ ወርቅ ይሆናል። አምባሮቹ 24 ግራም በ0.916 ሲባዙ 22 ግራም ናቸው ማለት ይቻላል። ቀለበቷ ላይ ፈርጧ መቀነስ አለባት፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ድንጋይ 0.8 ግራም አካባቢ ትሆናለች ብለን እንያዝ፣ 5.6 ግራም ወርቅ ይቀራል፣ በ0.585 ሲባዛ 3.3 ግራም። ጉትቻውን ለጊዜው እንተወው ምን እንደሆነ ስላላወቅን። ሦስቱ ሲደመሩ 41.8 ግራም ንጹህ ወርቅ አላችሁ። የገንዘቡን ዓይነት ትተን ነገሩ እንዲቀልልን የአንድ ግራም ንጹህ ወርቅ የዕለት ዋጋ 100 ነው እንበል፣ ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ወርቅ ጉትቻውን ሳይጨምር 4180 ያወጣል ማለት ነው።

አሁን የሰውየውን ሂሳብ ተከተይው። 56 ሲቀነስ 4፣ 52 ግራም። በ14 ካራት ሲይዘው 52 በ0.585፣ 30.4 ግራም ንጹህ ወርቅ ብቻ አለ ማለቱ ነው፣ ጉትቻውንም ጨምሮ። 3040 ገደማ። ከዚያ ላይ 20 ከመቶ ሲቀንስ 2430 አካባቢ ይደርሳል። 2430ን ለ4180 አካፍይው፣ 58 ከመቶ ነው። አየሽ፣ በአፉ የነገረሽ 80 ከመቶ እከፍላለሁ ነው፣ በተግባር ግን 58 ከመቶ ነው፣ ጉትቻው ደግሞ በነጻ ተሄደበት። እውነት 80 ከመቶ ቢከፍል ኖሮ 3340 ነበር መጻፍ የነበረበት። የጎደለው 900 የሚጠጋ ነገር ወንድምሽ በተቀበለው 20 ከመቶ ውስጥ የለም፣ የተወሰደው ከዚያ በፊት ነው፣ እዛ ደግሞ ማንም አይከራከርም ምክንያቱም ቴክኒክ ስለሚመስል።

«ድብልቅ ስለሆነ» የሚለው ምክንያት አይደለም። ድብልቁን ድብልቅ ያደረገው እሱ ራሱ ነው፣ አንድ ላይ ሚዛን ላይ በመጣሉ። ለይቶ መመዘን አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ክምሩ ውስጥ ካለው ሁሉ ዝቅተኛውን ካራት ይዞ ለሁሉም ሲሰጥ ትልቁን የሚጎዳው ከፍተኛ ካራት ያለውን ነው፣ ያንቺ አምባሮች ደግሞ ከሁሉም ከፍ ያሉት ናቸው። 22 ግራም ንጹህ ወርቅ ያለባቸው አምባሮች በሱ አያያዝ 14 ግራም ብቻ ነው ያለባቸው። አምባሮቹ ላይ ብቻ 8 ግራም ጠፋ ማለት ነው!

4 ግራሙም እንዲሁ ነው። ሩቢ የሚባለው ቀይ ድንጋይ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር 4 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስለዚህ 4 ግራም ማለት በሁሉም ጎኑ አንድ አንድ ሳንቲሜትር የሆነ ድንጋይ ነው፣ እንደዛ ዓይነት ፈርጥ ቀለበት ላይ ቢኖር ጓንት ማድረግ አትችሉም ነበር። መስታወት ከሆነች ደግሞ ከዛም የቀለለች ናት፣ 4 ግራም ለመሙላት ይበልጥ መግዘፍ አለባት። ፈርጥ መቀነሱ ተገቢ ነው፣ ስንት እንደሚቀነስ ግን በዓይን ግምት መሆን የለበትም፣ ወይ ድንጋይዋ ተነቅላ ቀለበቱ ብቻውን ይመዘናል፣ ወይ ቁመቷና ወርዷ ተለክቶ ይሰላል። ከተነቀለች ደግሞ ያንቺ ናት፣ ወደ ቦርሳሽ ነው የምትመለሰው። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ገዢው ለድንጋይዋ ክብደት ቀንሶ ድንጋይዋንም አብሮ ያስቀራታል።

እንዲያውም ቀለበቷን ከሌሎቹ ጋር ይዘሽ አትሂጂ ነው የምለው፣ ለጊዜው። ቀይ ድንጋይ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ሩቢ፣ ጋርኔት፣ በላብራቶሪ የተሰራ ድንጋይ፣ ቀለም የገባበት መስታወት። በዓይን አይለይም፣ እኔም አልለየውም፣ ወርቅ ገዢም ብዙውን ጊዜ አይለየውም ወይም ለመለየት ምክንያት የለውም ምክንያቱም እሱ የሚያቀልጠው ወርቁን ነው። ድንጋይ የሚያውቅና ወርቅ የማይገዛ ሰው ይይልሽ፣ ለምርመራ ከፍለሽ ማለት ነው። የሚመረምርልሽ ሰው ራሱ «ልግዛሽ» ካለ ግን ሌላ ሰው ፈልጊ። ቀለበቷ ውስጥ ያለው ወርቅ 3.3 ግራም ነው ያልነው፣ ድንጋይዋ እውነተኛ ጥሩ ሩቢ ብትሆን ከወርቁ በላይ ልታወጣ ትችላለች፣ መስታወት ብትሆን ደግሞ ለምርመራው ያወጣሽው ብቻ ነው የቀረብሽ።

አሁን ለገዢው ወገን ቆሜ አንድ ነገር ልበል፣ ፍትሃዊ ለመሆን። ማህተም ማስረጃ አይደለም። 916 የሚል ማህተም ማንም ብረት ላይ መምታት ይችላል፣ እውነተኛው ማህተም ራሱ ትንሽ ሊሳሳት ይችላል፣ በተለይ የቆየ ጌጥ ከሆነና ተጠግኖ የሚያውቅ ከሆነ የተበየደበት ቦታ ዝቅ ያለ ካራት ሊኖረው ይችላል። የሀብሉ መቆለፊያ ውስጥም ትንሽዬ የብረት ስፕሪንግ አለች፣ እሷም ወርቅ አይደለችም። ስለዚህ ገዢው «ልፈትሸው» ቢልሽ አትቆጪ፣ መፈተሽ መብቱ ነው። ያንቺ መብት ደግሞ ፍተሻው ዓይንሽ እያየ እንዲሆን ነው። ሰውየው ሳይፈትሽ ነው 14 ያለሽ፣ እኔን የገረመኝ እሱ ነው።

ፍተሻው ሁለት ዓይነት ነው በብዛት የምታገኚው። አንደኛው የድሮው ነው፣ ጌጡን ጥቁር ድንጋይ ላይ ያሹታል፣ የወርቅ መስመር ይቀራል፣ መስመሩ ላይ አሲድ ጠብ ያደርጋሉ። ለ14 ካራት የተዘጋጀ አሲድ፣ ለ18 የተዘጋጀ፣ ለ22 የተዘጋጀ አለ፣ መስመሩ ካልጠፋ ካራቱ ቢያንስ ያን ያህል ነው፣ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ዝቅ ያለ ነው። አሲዱ ያረጀ ከሆነ ውጤቱ ይዛባል፣ ስለዚህ ጎን ለጎን ካራቱ የታወቀ ወርቅ አሽቶ ሲያወዳድር ካየሽ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለተኛው ማሽን ነው፣ በኤክስሬይ ወርቁን አይቶ በመቶኛ ስንቱ ወርቅ ስንቱ መዳብ እንደሆነ ስክሪን ላይ ይጽፋል፣ ጌጡን አይጭርም። እሱም ድክመት አለው፣ የሚያየው ላዩን ብቻ ነው፣ ወፈር ያለ ወርቅ ቅብ ካለ ሊሸወድ ይችላል፣ ለዛ ነው አንዳንዴ ትንሽ በሞረድ ልጫረው የሚሉት። የሚሸጥ ከሆነ ችግር የለውም፣ የምታስቀሪው ከሆነ ግን አትፍቀጂ። በማሽን ከሆነ ስክሪኑን በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ የማይፈቅድልሽ ሰው ምን እንደሚደብቅ እሱ ይወቅ።

ቤት ሆነሽም ትንሽ ነገር ማወቅ ትችያለሽ። ማግኔት አስጠጊባቸው፣ ወርቅ ማግኔት አይስበውም፣ ሀብሉ መቆለፊያው ጋ ብቻ ቢሳብ ያቺ ስፕሪንግ ናት አትደንግጪ፣ ሰንሰለቱ ራሱ ከተሳበ ግን ችግር አለ። አለመሳቡ ግን ወርቅ ነው ማለት አይደለም፣ መዳብም አይሳብም። የተሻለው የውሃ ነው። ሚዛንሽ ላይ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለው ብርጭቆ አስቀምጪና ዜሮ አድርጊው። ሁለቱን አምባሮች በቀጭን ክር አንጠልጥለሽ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስገቢያቸው፣ መሬቱንም ጎኑንም ሳይነኩ፣ ክሩን በእጅሽ እንደያዝሽ። ሚዛኑ ላይ የሚመጣው ቁጥር አምባሮቹ ያፈናቀሉት ውሃ ነው። 24ን ለዛ ቁጥር አካፍይ። 22 ካራት ከሆኑ ውጤቱ 17 ከምናምን ነው፣ ማለትም ሚዛኑ 1.4 አካባቢ ይላል። 14 ካራት ቢሆኑ ኖሮ 1.8 ይል ነበር፣ ነሐስ ላይ የተቀባ ወርቅ ቢሆን 2.8 አካባቢ። በ0.1 ግራም የምትቆጥር ሚዛን እንኳ ይሄን ልዩነት ታሳይሻለች፣ ግን በአንድ ቁጥር ብትሳሳት ውጤቱ ስለሚንቀሳቀስ ለመረጋጋት ወይም ለመጠርጠር እንጂ ለመከራከሪያ አትጠቀሚበት። አምባሮቹ ውስጣቸው ክፍት ከሆነ ወይም ሌላ ነገር የተሞሉ ከሆነም ቁጥሩ ይበላሻል፣ ወርቁ ጥሩ ሆኖ እያለ ዝቅተኛ ይመስላል። ጉትቻው ላይ ደግሞ አትሞክሪው፣ 3.6 ግራም የሚያፈናቅለው ውሃ ከ0.2 እስከ 0.4 ስለሆነ ሚዛንሽ አይለየውም።

የዕለቱን ዋጋ ሰውየው ነገረሽ ወይስ አንቺ አይተሽ ነበር? ደብዳቤሽ ላይ የለም። ከመሄድሽ በፊት ራስሽ እይው። የዓለም ዋጋው በአውንስ ነው የሚጻፈው፣ ወርቅ የሚመዘንበት አውንስ ደግሞ 31.1 ግራም ነው፣ ሌላ ሌላ ዕቃ የሚመዘንበት 28.35 ግራም የሆነው አይደለም። ዋጋውን ለ31.1 አካፍለሽ ወደ ገንዘባችሁ ስትቀይሪው የአንድ ግራም ንጹህ ወርቅ ዋጋ ይመጣል። በ28.35 ካካፈልሽ ዋጋው በ10 ከመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ይታይሽና ሐቀኛውን ገዢ ሌባ ነው ብለሽ ትጣዪዋለሽ፣ እንደዚህ የሚጣላ ሰው አይጠፋም። አንዳንድ ገዢ ደግሞ ለ14 ካራት፣ ለ18 ካራት፣ ለ22 ካራት የግራም ዋጋ ለይቶ ይለጥፋል፣ ያ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን የተለጠፈው የሚሸጥበት ነው ወይስ የሚገዛበት ብለሽ ጠይቂ።

እናትሽ ሲገዙት ስንት ከፍለው እንደነበር ደረሰኙ ከተገኘ ተስፋ እንዳታደርጊበት። አዲስ ጌጥ ሲገዛ ወርቁ ላይ የእጅ ዋጋ አለ፣ የሱቁ ትርፍ አለ፣ ግብር ሊኖር ይችላል፣ ለሚያቀልጠው ሰው ስትሸጪ እነዚህ አይመለሱም። ደረሰኙ ሌላ ጥቅም አለው፣ ካራቱ ተጽፎበት ከሆነና ወርቁ የናንተ መሆኑን ለማሳየት። አንድ ጌጥ ሳይቀልጥ ከወርቁ በላይ የሚያወጣው የታወቀ ሠሪ ስም ካለበት፣ በጣም ጥንታዊ ከሆነ ወይም እንዳለ ሊያደርገው የሚፈልግ ሰው ከተገኘ ነው። ሀብሉን ገልብጠሽ ከ750 ሌላ ስም ወይም ምልክት ካለው ፎቶ አንሺና ሁለተኛ እጅ ጌጥ የሚሸጡ ሰዎችን ጠይቂ፣ ከሌለው ግን በወርቁ ዋጋ ነው የሚሄደው፣ አምባሮቹም እንደዛው።

ስንት ከመቶ ነው ታዲያ ፍትሃዊ? በኔ አስተያየት ለናንተ ዓይነት መጠን ከንጹሁ ወርቅ ዋጋ 80 ከመቶ በላይ የሚከፍል ገዢ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቻላል፣ 90 የሚጠጋ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ70 በታች ሲሆን አመስግኖ መነሳት ነው። ወርቅ አጣሪዎች ከዚህም በላይ ይከፍላሉ፣ ግን ብዙዎቹ ብዛት ይፈልጋሉ፣ አቅልጠው እስኪመረምሩም ቀናት ይወስዳል፣ አንቺም ወርቁን ትተሽላቸው መሄድ አለብሽ፣ ይሄ ከወንድምሽ ችኮላ ጋር ይስማማ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ዋናው ግን መቶኛው ከምን ላይ እንደሚሰላ ነው፣ 90 ከመቶ የሚልሽ ሰው ካራቱን ዝቅ ካደረገው 80 ከሚልሽ ያንሳል። ለዛ ነው ሁሉንም ገዢ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ያለብሽ፣ «ይሄን አምባር ብቻ፣ በስንት ካራት ያዝከው፣ ለንጹህ ግራም ስንት ትከፍላለህ?» በቃ። ይሄን የሚመልስልሽ ሰው ጋር ሌላው ሁሉ ሂሳብ ነው። ዋጋው ቀን በቀን ስለሚለዋወጥ ሁለት ሦስት ቦታ በአንድ ቀን ሂጂ፣ ዛሬ እዚህ ከነገ ወዲያ እዛ ከሆነ የምታወዳድሪው የወርቁን ገበያ ነው እንጂ ገዢዎቹን አይደለም።

«ለዛሬ ብቻ ነው» ላልሽው፣ ከፊሉ እውነት ነው፣ የዓለም ዋጋ ነገ ሊወርድም ሊወጣም ይችላል። ግን በአንድ ቀን የሚመጣው ለውጥ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ከመቶ ነው፣ ከፊትሽ የነበረው ልዩነት ደግሞ ከ20 ከመቶ በላይ ነበር። አንድ ሳምንት ብታሳልፊ የሚጎዳሽ እንዲህ በቀላሉ አይደርስበትም።

አሁን ወደ ሆድሽ ወደሚያባባው። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብ ሁሉንም እንሸጥ ያልሽበት ቦታ አጣሁ፣ እንሸጥ ያለው ወንድምሽ ነው። ለመሆኑ አምባር ማስቀረት እንደምትፈልጊ ነግረሻቸዋል? ታናሽ እህትሽስ ዝም ያለችው ስለተስማማች ነው ወይስ የጠየቃት ስለሌለ? ወንድምሽ ቶሎ ያለው ገንዘቡ ቸግሮት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ ዕቃውን በየቀኑ ማየቱ ከብዶት ይሆናል፣ ሁለቱ የተለያየ መልስ ነው የሚፈልጉት። ይሄን እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም፣ ግን ከሚዛኑ በፊት ሦስታችሁ ብትነጋገሩበት እወዳለሁ።

ለማስቀረት ከወሰንሽ ሂሳቡ አያጣላም። አሁን ያወጣነውን ንጹህ ግራም መካፈያ አድርጉት። 41.8 ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 13.9 ግራም ይደርሳል። አንዷ አምባር ውስጥ 11 ግራም ንጹህ ወርቅ አለ (ሁለቱ እኩል የሚመዝኑ ከሆነ፣ ለየብቻ መዝኛቸው)። አምባሯን ብትወስጂ ድርሻሽ ላይ 2.9 ግራም ይቀርሻል፣ እሱን ሌላው ሲሸጥ በገንዘብ ታገኛለሽ። እህትሽ ሁለተኛዋን አምባር ብትፈልግ ለሷም እንደዛው ነው፣ ወንድምሽም ገንዘቡን በቶሎ ያገኛል። ዋጋው ስንት ይያዝ በሚለው ላይ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ በኔ አስተያየት ከሁሉም የተሻለውን የከፈለው ገዢ በሰጣችሁ የግራም ዋጋ መሆን አለበት፣ አዲስ ጌጥ በሚሸጥበት ዋጋ ከሆነ አንቺ ትጎጃለሽ፣ ምክንያቱም ወንድምሽ ሲሸጥ ያን ዋጋ አያገኝም። ጉትቻውና የቀለበቷ ድንጋይ ተፈትሸው ሲታወቁ በዛው መንገድ ይጨመራሉ። የውርስ ወረቀት ነገር ካለ ደግሞ ከመሸጣችሁ በፊት ሦስታችሁም ተስማምተን ነው የሚል አጭር ጽሑፍ ፈርሙ፣ በናንተ መሀል ስላልተማመናችሁ ሳይሆን ገዢውም የማን ነው ብሎ ሊጠይቅ ስለሚችል። መታወቂያ ቢጠይቅሽም አይግረምሽ፣ እንዲያውም ምንም ሳይጠይቅ የሚገዛ ነው የሚያሳስበኝ።

ሁለተኛ ስትሄጂ ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂ። ከመሄዳችሁ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ ከነማህተሙ ፎቶ አንሱ፣ ክብደቱን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በካራታቸው ለይታችሁ በተለያየ ትንሽ ከረጢት አድርጉ፣ እና አንድ በአንድ አውጡ እንጂ ሁሉንም አንዴ ጠረጴዛ ላይ አትዘርግፉ። ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ማለቱን እዩ፣ በግራም መሆኑንም እዩ፣ በሌላ መለኪያ መዝኖ በግራም ዋጋ የሚከፍል አለና። ወደ ጓዳ ይዞ ሊሄድ ከፈለገ አብራችሁ ሂዱ ወይ አትስጡት። ጉትቻውን መጀመሪያ አስፈትሹት፣ ትንሽ ስለሆነና ማህተም ስለሌለው ገዢው እንዴት እንደሚፈትሽና ምን ያህል እንደሚያስረዳችሁ በሱ ታዩታላችሁ፣ ደስ ካላላችሁ ሀብሉ ከከረጢቱ ሳይወጣ ትነሳላችሁ። ከተስማማችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ዕቃ ክብደቱ፣ ካራቱና የተከፈለበት ተለይቶ የተጻፈ ወረቀት ተቀበሉ፣ ገንዘቡም አካውንታችሁ መግባቱን በስልካችሁ ሳታዩ ወርቁ ከፊታችሁ እንዳይነሳ።